ጳጉሜን የዘለለው ቆጠራ

ቂርቆስ አካባቢ የተማርንበት ትምህርት ቤት የድሮ ተማሪዎቹን ሊያገናኝ ሲነሳ፣ የኢንተርኔት ገጹ ላይ «ይህን ያህል ቀን ቀረን» የሚል መልእክት በየቀኑ የማውጣት ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ካዛንቺስ አንድ ሥጋ ቤት ፎቅ ላይ ያለች ትንሽ የማስታወቂያ ቢሮ ውስጥ እሠራ ስለነበር፣ ኮሚቴው ይህን እንደ ትልቅ ሙያ ቆጠረው። ሊቀመንበሩ ጂኦግራፊ ያስተማሩን ጋሼ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ቁጣቸው ግን ገና ሥራ ላይ ነበር።

«በየቀኑ መጻፍ ትችያለሽ?» አሉኝ።

«በየቀኑማ አልጽፍም ጋሼ። አንዴ ብቻ ነው፤ ከዚያ ራሱ ይቆጥራል።»

እውነቴን ነበር። ዝግጅቱ እሑድ መስከረም 12 ነው። ኮምፒውተር ላይ ሰንጠረዥ ከፈትኩና የዝግጅቱን ቀን አንድ ሳጥን ውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር አስገባሁ። እያንዳንዱ መስመር ከዚያ ላይ የቀሩትን ቀናት ቀንሶ መልእክቱ የሚወጣበትን ቀን ያገኛል፤ «ዛሬ እንዲህ ቀን ነው፣ ይህን ያህል ቀን ቀረን» የሚለውን ዓረፍተ ነገርም ራሱ ይሞላል። ሰንጠረዡ የሐበሻ ቀን ስለማያውቅ እሱን እኔ አስተማርኩት፦ ከነሐሴ ጀምር፣ አንድ አንድ ጨምር፣ ሠላሳ ሲሞላ ወደሚቀጥለው ወር እለፍ። የወሮቹንም ስም ጻፍኩለት። የወጣውን ሁሉ ገልብጬ ገጹ ላይ በየቀኑ ጠዋት እንዲለጠፍ ቀጠሮ አስያዝኩና በቃ፣ ተገላገልኩ አልኩ።

ነሐሴ በሰላም አለቀ። በማግስቱ ጠዋት፣ ጥርሴን እየቦረሽኩ፣ ስልኬ ጮኸ።

«እንኳን አደረሰሽ!» አሉ ጋሼ።

«ለ... ለምኑ ጋሼ?»

«ለአዲሱ ዓመት ነዋ! ዛሬ መስከረም 1 ነው ብለሽ የለ?»

ገጹን ከፈትኩ። «ዛሬ መስከረም 1 ነው። 16 ቀን ቀረን!» ይላል። የቀረው ቀን ልክ ነው። የጠፋችው ጳጉሜን ናት። አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነበር የጻፍኩት።

«አሥራ ሦስት ወር ብዬ አላስተማርኩሽም? ጳጉሜን የት አደረስሻት?» አሉና ዘጉብኝ።

ከሥሩ የተጻፈው አስተያየት ደግሞ የባሰ ነበር። ባምቢስ ሰፈር ሱቅ ያላት የድሮ ጓደኛዬ «ገና በግ አልገዛሁም፣ ምነው ሳትነግሩን!» ብላለች። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ፦ «ደሞዝ የሌላትን ወር ለሰረዛችሁልን እግዜር ይስጣችሁ። እባካችሁ አትመልሷት።»

ቢሮ ሮጬ ሄድኩና ሰንጠረዡ ላይ ጳጉሜን ከነአምስት ቀኗ ጨመርኩ። ሁሉም መስመር ዓይኔ እያየ ተስተካከለ። ለጋሼ ደውዬ፣ እንዲያውም በኩራት፣ «ተስተካክሏል» አልኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ገጹ «ዛሬ መስከረም 2 ነው» ብሎ ተነሳ።

ያስተካከልኩት ሰንጠረዡን ነው። ቀጠሮ የያዙት መልእክቶች ግን ቀድሞ የተገለበጡ ናቸው፤ ሰንጠረዡ ቢታረም እነሱ አይሰሙም። ይህ የገባኝ ጋሼ ደረጃውን እያለከለኩ ወጥተው ጠረጴዛዬ ፊት ሲቆሙ ነው።

«ወንበር አምጪ» አሉ።

ከጎኔ ተቀምጠው የቀረውን መልእክት ሁሉ አንድ በአንድ ጮክ ብለው አነበቡ፤ እኔ የድሮውን እያጠፋሁ የታረመውን ተካሁ። አለቃዬ በሩ ላይ ቆሞ ሲስቅ «አንተም ና፣ ተማር» አሉት። መጥቶ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ወዲያ ቆጠራው አልተሳሳተም።

እሑድ ግቢው ሞላ። ስሜን የማያውቁ ሰዎች ሁሉ «ጳጉሜን የበላችው አንቺ ነሽ?» እያሉ አቀፉኝ። ጋሼ በማይክ ቀርበው፣ በዚያ ስህተት የተነሳ መልእክቱ ከእጅ ወደ እጅ ስለዞረ ይህን ያህል ሰው መጣ ብለው አመሰገኑኝ። ከሚያመሰግኑኝ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ እንባዬ መጣ።

በሚቀጥለው ዓርብ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ደወለልኝ። «አንድ ሰውዬ ሙሉ ልብስ ለብሶ መጥቷል። ዝግጅቱ ዛሬ ነው ይላል።»

ሄጄ ሳየው የክፍላችን ልጅ ነበር፣ ሜክሲኮ አደባባይ ጨርቅ የሚነግድ። ገጽ የሚባል ነገር አይከፍትም። «ዛሬ መስከረም 1 ነው። 16 ቀን ቀረን» የሚለውን ሴት ልጁ ያሳየችው በእውነተኛው ዘመን መለወጫ ዕለት ነው። ከዚያ ራሱ ቆጠረ፤ መስከረም 17 ደረሰለት። አንድም አልተሳሳተም።

ለጋሼ ደውዬ ነገርኳቸው። እሳቸውም፦ «እንዳይሄድ ያዢው። መጣሁ።»

መስቀል ቢሆንም ቀኑ ዓርብ፣ ጾም ስለነበር ካዛንቺስ ወስደን በየዓይነቱ ጋበዝነው። ጋሼ ለእሑዱ ያዘጋጁትን ንግግር ከኪሳቸው አውጥተው፣ ከወንበራቸው ተነስተው፣ ለእሱ ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበቡለት። ሰውዬው አጨበጨበ። አጠገባችን ያለው ጠረጴዛም አጨበጨበ።