በቁሜ ያለቀሱልኝ በርዕስ ነው

በ2010 ዓ.ም. ኅዳር፣ ቡና በሚደርቅበት ወቅት ነው። ሚዛን ከተማ፣ ጓሯችን ባለው የማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና እያገላበጥኩ ሳለ ታላቅ እህቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እየጮኸች ከቴፒ ደረሰች። ስታየኝ በሩን ይዛ ቀረች።

«ሞተሽም ቡና ትለቅሚያለሽ?» አለችኝና መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ደም ግፊት አለባት። ውኃ ሰጥቻት፣ ትንፋሿ እስኪመለስ እጇን ይዤ እመቤቴን አመሰገንኩ። ከዚያ የሆነውን ነገረችኝ። ልጄ ኢንተርኔት ላይ ቪዲዮ የሚጭንበት ቻናል አለው። ቡና እንዳይሻግት የማደርገውን ሳሳይ ቀርጾኝ ነበር። ርዕሱን «የእናቴ የመጨረሻ ቃል» ብሎታል። ሲከፈት ጥቁርና ነጭ ፎቶዬ ይመጣል፣ በገና ይሰማል። ልጇ ርዕሱን አነበበችላት፤ ፎቶዬን ሲያዩ ዘጉት። የእኔም ስልክ ባትሪ ጨርሶ ኖሮ ብትደውል አላገኘችኝም። ጎረቤቶቿ አብረዋት አልቅሰው ነው መኪና ያሳፈሯት።

ልጄ አማን ከተማ ካለው ፎቶ ቤቱ ሲመጣ አክስቱን አየ፤ ነገሩ ገባው። ቢሆንም ተከራከረ።

«እማዬ፣ ርዕስ ሰው ማስገቢያ ነው። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው። የቀረጻው መጨረሻ ላይ የተናገርሽው ነው ማለቴ ነው።»

«ገብተውስ?» አልኩት።

ስልኩን እንዲያሳየኝ አዘዝኩት። ሰው የቆየበትን የሚያሳየው መስመር ገና ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ወርዶ ወርዶ ከታች ተኝቷል። ለቅሶ ብለው የገቡት ቡና ሲያዩ፣ ቡና የሚፈልጉትም ፎቶዬን ሲያዩ፣ በገናውን ሲሰሙ ወጥተዋል። ሰው ቶሎ ከወጣ ድረ ገጹ ቪዲዮውን ለሌላ ሰው እንደማያቀርበው ራሱ ነገረኝ። እሱ ግን ጥፋቱን ከሙዚቃው መርዘም ነበር የቆጠረው።

ንዴቴ ያኔ ባሰ። ለዚህ ነው እህቴን ሊገድልብኝ የነበረው?

«በአንደበቴ ያልወጣ ቃል በስሜ አትሸጥም። ዛሬውኑ ካላስተካከልከው ሁለተኛ አትቀርጸኝም» አልኩት።

አጎንብሶ ተቀመጠ። ርዕሱን «ቡና ሲደርቅ ሻጋታን እንዲህ ታውቃላችሁ» አለው። ሳይከፈት የሚታየውን የፊት ሥዕሉንም ቀይሮ የሻገተ ፍሬ አደረገበት። ፎቶዬን፣ በገናውንና ረጅም ሰላምታውን ቆርጦ ጣለ። አሁን ሲከፈት ወዲያው እጄ ይታያል፤ ፍሬውን ሰብሬ አሸትታለሁ፤ «ይህ ሻግቷል» እላለሁ። እህቴ አይታ፣ «ከዚህ ቢጀምር ኖሮ እኔም ቤቴ ነበርኩ» አለችው። ይቅርታ ጠየቃት፤ ሳመችው። እኔ አልሳምኩትም።

በማግስቱ ከኪዳን መልስ እህቴንና ልጄን ይዤ ቴፒ ወረድኩ። ያለቀሱልኝን ጎረቤቶች ደጅ በየተራ አንኳኳሁ። በር ሲከፈት ልጄን አስቀድሜ አስገባሁትና እሱ እስኪናገር ቆሜ ጠበቅሁ።