ያልተረገጠ ሶል

«አንቺ እኮ አይተሽ ነበር» አለኝ ታላቅ ወንድሜ ሙሉቀን ባለፈው የፋሲካ ሰሞን፣ ፊት ለፊቴ ቆሞ፣ ቀኝ እግሩን እንደ ልማዱ ወደ ጎን ጣል አድርጎ። አልጮኸም፣ አልተቆጣም። እኔ መልስ የማጣ ሴት አይደለሁም፤ መልስ አብዝተሻል ተብዬ ነው የምታወቀው። ያን ዕለት ግን አፍንጫዬን የሞላው የማስቲሽ ሽታ ብቻ ነበር፤ እቤታችን ውስጥ ማስቲሽ ከተከፈተ ዓመታት አልፈዋል።

በልጅነቴ ያ ሽታ የቤታችን ሽታ ነበር። አባቴ ጫማ ሰፊ ነበር። ላሊበላ ውስጥ፣ ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ከቤታችን ግድግዳ ቆርቆሮ አስደግፎ በሠራት ጠባብ ጥግ ተቀምጦ፣ የቄሱንም፣ የአስጎብኚውንም፣ የተማሪውንም ጫማ ሲሰፋ ይውል ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት መጥቼ፣ ደብተሬን ወርውሬ፣ ከጎኑ እየተቀመጥኩ ክሩን በሰም አሽለት ነበር። ዓይኑን ሞራ እየጋረደው ስለመጣ ጫማውን ወደ እኔ ያዞርና «የሺ፣ እስኪ ዓይንሽን አውሺኝ» ይለኛል፤ እኔም ስፌቱ የቱ ጋ እንደተበጠሰ፣ ሶሉ የቱ ጋ እንደተላቀቀ እነግረዋለሁ። የደከመውን ዓይኑን ጣቱ እንዳይተካለት፣ ዕድሜውን ሙሉ የጎተተው ክር የአውራ ጣቱን ቆዳ እንደ ተረከዝ አደንድኖት ነበር። ወስፌ ሲወጋው እንኳ ቶሎ አይሰማውም፣ ደሙን እኔ ነበርኩ የማሳየው። «ይሄ ጣት ከኔ ጋር ከተኳረፈ ቆይቷል» እያለ ይስቅ ነበር።

የጫማ ሰፊ ልጆች ነን፣ ግን አዲስ ጫማ አድርገን አናውቅም። ባለቤቱ ሰጥቶት ሳይመለስ የቀረ ጫማ አንድ ዓመት ከተጠበቀ በኋላ ለኛ ይሆናል፤ አባቴ ከፊት ጨርቅ ይጠቀጥቅበትና፣ ከኋላ ቆዳ ይለጥፍበትና፣ በእግራችን ልክ ያደርገዋል። ጥሩ ይሠራው ነበር። ግን ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ሰው ጫማውን ያውቃል። ትምህርት ቤት በር ላይ ልጆቹ ሙሉቀንን እየጠበቁ «የሰፊው ልጅ፣ ዛሬ ደግሞ የማንን እግር ይዘህ መጣህ?» ይሉት ነበር። እኔ ድንጋይ አነሳ ነበር። እሱ ክፍል ገብቶ እግሩን ከዴስኩ ሥር ይደብቃል።

አንድ ዓመት በጋ ላይ፣ እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ፣ እሱ አሥራ ሰባት፣ ትምህርቱን ትቶ የኮብልስቶን ሥራ ለመልመድ ገባ። ድንጋዩን በመዶሻና በመሮ ጠርበው አራት ማዕዘን የሚያወጡ፣ በባሬላ ተሸክመው መንገድ ላይ የሚደረድሩ ልጆች ነበሩ። ክፍት ጫማ አድርጎ እየሄደ፣ የእግሩ ጣቶች በድንጋይ ፍንጣሪ ተበጣጥሰው ይመጣ ነበር። ግንቦት ላይ ፎርማኑ ቁርጡን ነገረው፦ አፍንጫው ብረት የሆነ ሴፍቲ ጫማ ከሌለህ ከሰኞ ጀምሮ እንዳትመጣ።

አባቴ ይሄን ሲሰማ ልጁን የሚድር ነበር የሚመስለው። ያን ሳምንት ሙሉ ስለ እግር ሲሰብክ ከረመ። «ጫማ በጠዋት አይገዛም» ይላል፣ «እግር ከሰዓት ነው የሚያብጠው። በጠዋት የልክህ የሆነው ማታ እስር ቤትህ ነው።» ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሦስታችን ወረድን። ሙሉቀን ከጫማው ጋር የሚያደርገውን ወፍራም ካልሲ በኪሱ እንዲይዝ ታዟል፤ በባዶ እግር ጫማ መለካት ለአባቴ እንደ ነውር ነበር።

የልባሽ ጫማ ነጋዴው ሸራ ዘርግቶ ጫማውን ከምሮት ነበር። ብረት አፍንጫ ካላቸው ውስጥ የሙሉቀን ልክ የሆኑት ሁለት ብቻ ተገኙ። አንደኛው ጥቁር ነው፣ የተለበሰ፣ አፍንጫው የተላጠ፣ አንዱ ጎኑ ላይ ጥፍር የምታህል ልጣፍ ያለበት፣ ሶሉ ግን ዙሪያውን በወፍራም ክር የተሰፋ። ሁለተኛው ቢጫ ነው፤ ሰው እግር ገብቶ የማያውቅ፣ ሶሉ ላይ አፈር ያልነካው፣ የውስጥ ወረቀቱ እንኳ ያልወጣለት። ሙሉቀን ዓይኑን ከቢጫው መንቀል አልቻለም።

አባቴ ሁለቱንም አስለካው። አቁሞ ነው፣ አስቀምጦ አይደለም። ማሰሪያውን ሳያስር እግሩን እስከ አፍንጫው እንዲገፋ አደረገና ከተረከዙ ኋላ አንድ ጣት አስገባ፤ ጣቱ ገባ። ከዚያ ተረከዙን ወደ ኋላ አስመትቶ አሳሰረው፣ ቁልቁለቱን እንዲወርድ አዘዘው። «ጣትህ ብረቱን ነካ?» «አልነካም።» «ሽቅብ ናማ። ተረከዝህ ተነሳ?» «አልተነሳም አባዬ።» አስጎነበሰው፣ ጫማው ጣቶቹ በሚታጠፉበት ቦታ መታጠፉን፣ የብረቱ ጠርዝ እግሩን አለመቁረጡን ደጋግሞ ጠየቀ። ነጋዴው መታገሥ አቃተው።

«አባት፣ ጫማ እኮ ነው፣ በግ አስመሰሉት! ጥርሱንም ይዩት እንጂ!»

«በበግማ ብታታልለኝ አርጄ እበላዋለሁ» አለ አባቴ፣ ሰው ሳቀ።

በልክ ሁለቱም እኩል ነበሩ። አባቴ ግን ጥቁሩን አነሳ። «ይሄ የተሰፋ ነው። ሶሉ ሲያልቅ ፈትቼ ሌላ እሰፋበታለሁ፣ ዕድሜ ልክህን ይሄዳል። ቢጫው ከላዩ ጋር አብሮ ቀልጦ የተጣበቀ ሶል ነው፣ ሶሉ የሞተ ቀን ጫማው ሞተ።» ቀጥሎ የሰፊ ልጅ ካልሆነ በቀር ማንም የማያውቀውን ነገር ተናገረ። «እንዲህ ያለው ሶል ካልተረገጠ ነው የሚያረጀው። መጋዘን ውስጥ ዓመት ከዓመት ከተኛ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ላዩ ሙሽራ ነው። ስንጥቅ ካለው ግን ይናገራል።» የቢጫውን ሶል አጠፈ፣ በአውራ ጣቱ ጎኑን ደባበሰ፣ አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አየ። ወደ እኔ አዞረው።

«የሺ፣ ዓይንሽን አውሺኝ። መታጠፊያው ጋ ስንጥቅ አለው?»

ነበረው። ፀጉር የመሰሉ ሦስት አራት መስመሮች፣ ሶሉ ሲታጠፍ የሚከፈቱ፣ ሲለቀቅ የሚጠፉ። ሙሉቀን ከአባቴ ጀርባ ቆሞ ነበር። አልጠቀሰኝም፣ ምልክት አልሰጠኝም፤ አየኝ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት በር ላይ ሲዘብቱበት በሚያየኝ አስተያየት። ጥቁሩ ላይ ያለችው ልጣፍ ታየችኝ። የልጆቹ ሳቅ ተሰማኝ።

«ምንም የለውም አባዬ» አልኩ።

«እንግዲያ ያንተ ምርጫ ነው» አለው አባቴ፣ ጥቁሩን ወደ ክምሩ እየመለሰ። ሙሉቀን ቢጫውን አድርጎ በመሀል ከተማ ነበር የተመለሰው፤ በአቋራጩ ቤት አሥር ደቂቃ ነው።

ሰኔ ሲገባ ዝናብ ጀመረ። አንድ ማታ ሙሉቀን ከጓሮ ጠራኝ። የቀኙ ጫማ ሶል ከመሀሉ ተገምሶ በሽቦ አስሮት ነበር። «ለአባዬ እንዳትነግሪ፣ እንደው ለጥፊልኝ» አለኝ። ማስቲሹን ሰርቄ መጣሁ፣ አጸዳሁት፣ ቀባሁት፣ እንደ ደንቡ እስኪደርቅ ጠበቅኩ፣ አጥብቄ ተጫንኩት። ስለቀው ማስቲሹ የሶሉን ፍርፋሪ ይዞ ተነሳ፤ እንደ ደረቀ ዳቦ በእጄ ላይ ፈረሰ። እኔ የሰፊ ልጅ ነኝ፣ የሞተ ሶል ማስቲሽ እንደማይዝ አውቃለሁ። «አይሆንም፣ ለአባዬ ንገር» አልኩት። «ምን ብዬ? የሺ ዋሽታልኝ ነበር ብዬ?» አለኝ። ጠዋት ሽቦውን አጥብቆ ሄደ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሳየው ነበር፤ አባቴ አምስት እርምጃ ርቆ ወስፌውን ይስላል፣ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ፣ አልተናገርኩም።

ሐምሌ ገብቶ ሳምንት ሳይሞላው በባሬላ አመጡት፣ ራሱ ድንጋይ በሚሸከምበት ባሬላ። እርጥብ ድንጋይ ላይ ሲወርድ ሶሉ ሙሉ በሙሉ ወልቆ አንሸራተተው፤ ባሬላው ተገልብጦ ድንጋዩ ጉልበቱ ላይ አረፈ። የእግሩ ጣቶች ከብረቱ ውስጥ ደህና ነበሩ። ወጌሻው መጣ፣ ኋላም ጤና ጣቢያ ተወሰደ፣ ጉልበቱ ግን ዳግመኛ አልታጠፈም። ፎርማኑ አንድ ቀን መጥቶ ጠየቀውና ሁለተኛ አልመጣም።

አባቴ ጫማውን አምጡልኝ አለ። ሶሉን በመዳፉ ጨበጠው፣ ዱቄት ሆኖ በጣቶቹ መካከል ወረደ። እጁን አራገፈና አውራ ጣቱን አነሳ። «እንጀራ ያበላኝ ጣት፣ ልጄ ላይ ታወረ» አለ። በማግስቱ ደንበኛ ሲመጣ «ሌላ ሰፊ ፈልጉ፣ እኔ የሰው እግር አልይዝም» ብሎ መለሰው። መስከረም ሲጠባ ቆርቆሮዋን አፈረሳት። እናቴ ጠላ እየሸጠች አሳደገችን። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ኮን ከተማ ፎቶኮፒ ቤት ተቀጠርኩ፤ ፈጥኜ ነበር የወጣሁት፣ በዓል ካልሆነ አልመጣም።

ባለፈው ፋሲካ ሙሉቀን «አይተሽ ነበር» ሲለኝ ቀጥ ብዬ ወደ አባቴ ሄድኩ። ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር፣ ዓይኑ አሁን ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። እግሩ ሥር ቁጢጥ ብዬ ሳላሽሞነሙን ነገርኩት። «አባዬ፣ ቢጫው ጫማ ስንጥቅ ነበረው። አይቻለሁ። የለውም ብዬ የዋሸሁዎት እኔ ነኝ። ጣትዎ አይደለም።»

ሰምቶ ሲያበቃ ራሴን ዳበሰኝ። ፈገግ አለ።

«ተይ ልጄ። አባቴን ላሳርፈው ብለሽ ነው።»

«እውነቴን ነው!»

«አሥራ ሁለት ዓመትሽ ነበር እኮ። ያን ነገር ዓይን አያየውም፣ ሰፊ ነው የሚያውቀው። ሙሉቀን ነው አይደል እንዲህ በያቸው ያለሽ? ደግ ልጅ ነው፣ አልተቀየመኝም።»

«ሙሉቀን፣ ንገራቸው!» ብዬ ጮኽኩ። ሙሉቀን በሩ ላይ ነበር። አባቴን አየ፣ እኔን አየ፣ የማይታጠፈውን እግሩን እየጎተተ ወደ ጓሮ ዞረ።

«አትጯጯሁ፣ በዓል ነው» አለ አባቴ። «መኪና እንዳያመልጥሽ።»

ቦርሳዬን አነሳሁ፣ ጉልበቱን ሳምኩ፣ ወደ ኮን የሚያሻግረኝን የጋሸና መኪና ልይዝ ወደ መናኸሪያ ወረድኩ።