የጥሩ ቀን ሂሳብ

የዘመሮ መንደር ግንበኛው ወዳጆ እጁ የተባረከ ነበር፤ ያጠፋው አፉ ነው። «ቤቱ መቼ ይደርሳል?» ያሉት እንደሆነ፣ ድንጋዩ ቅርብ፣ ጭቃው የላመ፣ ሰማዩ የጠራ የነበረባትን አንዲት ቀን ያስታውሳል። ሌላውም ቀን ሁሉ እንደ እሷ የሚሆንለት ይመስለዋል።

ጥምቀት ባለፈ ሰሞን እማማ አረጋሽ አስጠሩት። ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ የቤታቸው ግድግዳ ተሰንጥቆባቸዋል። ሌላው ግንበኛ ኪዳነ ቀድሞ አይቶት፣ «ለጊዜው በእንጨት ደግፈነው በልጉ ይለፍ። ከፋሲካ በኋላ እንጀምርና ሰኔ ላይ ይገባሉ» ብሏቸው ነበር።

ወዳጆ ግድግዳውን መታ መታ አደረገና ሳቀ። «ሰኔ? ቤተ መንግሥት ሊሠራልዎት ነው እንዴ? እኔ ዐቢይ ጾም ሳይገባ አስገባዎታለሁ።»

ጭቃ የምታቦካለት ሚስቱ ጥሩሸዋ ወደ ጥግ ሳበችው። «ሚካኤልን ቆጠርከው? ማርያምን? መድኃኔዓለምን? በዚህ ውርጭ ጭቃው መች ሊደርቅልህ? አምና የሠራኸው የአባይነህ ቤት እንኳ ካልከው እጥፍ ፈጀብህ። አሁንም እጥፉን ንገራቸው፤ ቀድመህ ብትጨርስ ይመርቁሃል።»

«ሥራውን ለኪዳነ ልትሰጪብኝ ነው?» አላት በሹክሹክታ።

እማማ አረጋሽ አመኑት። ጣራቸውን አስነሡ፤ ገብሳቸውን ላስቲክ አልብሰው ለጥቂት ቀን ነው ብለው በበጎቻቸው በረት ጥግ ተጠለሉ።

ከዚያማ በዓሉ መጣ፤ በበዓል ድንጋይ የሚያነሣ የለም። ጎረቤት ሞተና መንደሩ ለቀብር ወጣ። ድንጋይ የምትጭነው አህያ አነከሰች። ጠዋት ጠዋት ጭቃው ደርቆ ሳይሆን በውርጭ ረግቶ ይገኛል። ይህ ሁሉ በየዓመቱ የሚመጣ ነው፤ ወዳጆ ግን ባጋጠመው ቁጥር ይገርመዋል።

ጾሙ ገባ። ያን ጊዜ አፈረና መቸኮል ጀመረ፤ የታችኛው ሳይደርቅ የላዩን ጫነበት። በልጉ ሲጥል ግድግዳው ሆዱን ነፋና አንድ ሌሊት ተናደ። ገብሱ ላስቲኩ ውስጥ በቀለ። እማማ አረጋሽን ሳል ያዛቸው።

ልጃቸው ምንተስኖት ሊወስዳቸው ከደብረ ብርሃን መጣ። ወዳጆ ባርኔጣውን አውልቆ ቀረበ።

«እማማ፣ ሁለት ሳምንት ብቻ ቢታገሡኝ...»

«አሁንም?» አሉት ሳላቸው እያቋረጣቸው። «አንተ ልጅ፣ ሰኔ ብትለኝ ምን ይጎድልብህ ነበር? ጣራዬን አላስነሣም ነበር እኮ።»

በሚኒባስ ሄዱ። ወዳጆ ድንጋዩን እንደገና ለቅሞ፣ ጭቃውን እያስደረቀ፣ ቤቱን ያደረሰው ሰኔ ላይ ነው። እማማ አረጋሽ ግን በግንቦት ማለቂያ ደብረ ብርሃን ዐርፈዋል። ምንተስኖት ቤቱን ለአንድ በግ ነጋዴ አከራየው። ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው፤ ውስጡ በግ ያድርበታል።

ወዳጆ አሁን ሥራ ሲጠይቁት በዓሉንም ዝናቡንም ቀብሩንም ይቆጥርና ረጅሙን ጊዜ ይናገራል። ሰዉም «አንተማ ዘገምተኛ ነህ» ይለውና፣ አጭሩን ወደሚነግረው ይሄዳል።