የእሑዱ ማርከሻ

በደርግ ዘመን አዋሳ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ነርስ ነበርኩ። ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ በየቤቱ ተደብቀን የምንጸልይበት ጊዜ ነው። እምነቴን በአደባባይ ማሳየት ስለማልችል መጠጥን በመጥላት አሳይ ነበር ማለት ይቻላል። አብሮኝ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራውን ሲጨርስ አረቄ ይቀማምሳል። በዚህ ስንጨቃጨቅ ዓመታት አልፈዋል።

አንድ እሑድ ጠዋት ከጸሎት ስመለስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል። ራሱን ይወቅረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ሁለት ጊዜም አስመልሷል።

«ማርከሻ ባገኝ ይለቀኝ ነበር። እስቲ ከጎረቤት አንድ መለኪያ አምጪልኝ» አለኝ።

«ውሃ ጠጣና ተኛ። እኔ ቤት ማርከሻ ብሎ ነገር የለም።»

«እሺ፣ መስኮቱን እንኳ ክፈቺልኝ። የሐይቁ ጭጋግ ዛሬ አልገፈፍ አለ እኮ።»

መስኮቱ ክፍት ነበር። ፀሐይዋም ግቢውን ሞልታዋለች። «ጭጋጉ ያለው አንተ ጭንቅላት ውስጥ ነው» ብዬው ወጣሁ። የስካር ማግስት ራስ ያሳምማል እንጂ ዓይን እንደማያጨልም የምታውቅ ነርስ ነኝ። ያን ጠዋት ግን የሰማሁት ሕመምተኛን ሳይሆን የሰለቸኝን ወንድሜን ነበር።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ተረኛ ሆኜ ሳለሁ፣ አንድ አናጺ በጋሪ ተጭኖ መጣ። ሲሮጥ እንደቆየ ሰው ቶሎ ቶሎ፣ በረጅሙ ይተነፍሳል። የዓይኑ ብሌን ሰፍቷል፤ ባትሪ ስናበራበት አይጠብም። ሚስቱ ጠዋት ራሱን አሞት እንደነበር፣ እሷም ስካር ነው ብላ እንዲተኛ እንደተወችው ነገረችን።

ኩባዊው ሐኪማችን ወዲያው ገባው። ሜታኖል ነው አለን፤ ለቀለምና ለቫርኒሽ የሚያገለግል ስፒሪት። አረቄ ሻጩ እንዲበረክትለት ቀላቅሎት ኖሯል። በጣዕምም በጠረንም አይለይም። ጉበት ቀስ በቀስ ወደ አሲድ ይለውጠዋል፤ ዓይን የሚያጠፋውና ሰው የሚገድለው ያ አሲድ ነው። ስለዚህ የጠጣው ሰው ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ደህና ይመስላል።

«ከማን ጋር ነበር የጠጣው?» አልኳት ሚስቱን።

«ከልብስ ሰፊው ጋር ነው፣ ሲስተር። ከአንድ ጠርሙስ ነው የቀዱት።»

እየሮጥኩ ወጣሁ። አናጺውን ባመጣው ጋሪ ቤት ስደርስ ወንድሜ ግድግዳውን እየዳበሰ በሩን ይፈልጋል። ይዤው ስመለስ የአናጺው ፊት ተሸፍኗል። ለወንድሜ አልነገርኩትም፤ ማየትም አልቻለም።

መድኃኒቱ የሚጠጣ አልኮል ነው። ጉበት እሱን ስለሚያስቀድም መርዙ ወደ አሲድ ሳይለወጥ ቀስ እያለ ከሰውነት ይወጣል። ፋርማሲያችን ንጹሕ አልኮል ስላልነበረው፣ ማኅተም የተመታበት ደብዳቤ ይዘን ከሆቴል ያልተከፈተ ጂን አስመጣን። ሐኪሙ በወንድሜ ክብደት መጠኑን አሰላ፤ እኔ በጭማቂ እያቀጠንኩ በአፍንጫው ቱቦ በየሰዓቱ ሰጠሁት። አሲዱን የሚያበርድ ሶዳም በደም ሥሩ ይገባለታል። እንዲህ ሦስት ቀን ቆየን።

በመሐል ሲነቃ «እሑድ ጠዋት የከለከልሽኝን አሁን በአፍንጫዬ ታጠጪኝ ጀመር?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ሐኪሙን ለብቻው አግኝቼ፣ ያን መለኪያ ሰጥቼው ቢሆን ዓይኑ ይድን እንደነበር ጠየቅኩት። «አይድንም» አለኝ። «ቤት ውስጥ የሚጠጣ መለኪያ ሕመሙን ደብቆ ያዘገየዋል እንጂ አያድንም። ከዚያው ጠርሙስ ቢሆን ደግሞ መርዝ በመርዝ ላይ ነው። የሚያድነው እዚህ መምጣቱ ነበር። ዓይኑ ሲደበዝዝ ወዲያው ቢመጣ ኖሮ…» ብሎ፣ ፊቴን አየና ዓይኑን ወደ መዝገቡ መለሰ።

ወንድሜ በሕይወት ወጣ። ዓይኑ ግን ከዳር ከዳር ጥላ ያያል እንጂ መሐሉ ጠፍቷል። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ቀርቶ ጨርቁን ከጠረጴዛው መለየት አይችልም። የስፌት መኪናውን ለሌላ ሰፊ ሰጠው። ለመጣ ለሄደው ሁሉ «እህቴ ናት ያተረፈችኝ» ይላል፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ እሰማለሁ።

አንድ ቀን፣ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለን ሳለ፣ እንደ ዘበት ጠየቀኝ።

«ያኔ ጠዋቱን ብንሄድም ያው ነበር፣ አይደል?»

«ያው ነበር» አልኩት።

እጄን ፈልጎ ያዘኝና «እግዜር ይስጥሽ» አለኝ።