በሁለት ዝርዝር የተጻፈችው እናት

ጡረታ የወጣውን የአውቶቡስ ስምሪት ሠራተኛ ሰው ሁሉ «ጋሽ ስምሪት» ይለዋል። ዕድሜውን መናኸሪያ ውስጥ ተሳፋሪ ሲያደላድል ኖሯልና፣ የእህቱ ልጅ ከከተማ አንድ ሰዓት በሚያስኬድ ሐይቅ ዳር ስትዳር እንግዳ ማጓጓዙ ለእሱ ተተወ። ሚኒባሶች ተከራየ፤ መኪና የሌለውን ካለው ጋር አጣመረ፤ ከሐይቁ ዳር ያለውን የታጨደ ሜዳ በኖራ አስምሮ ማቆሚያ አደረገው።

የመጨረሻዋ መኪና መስመሯን ይዛ ስትቆም፣ ልቡ ረጋ። ያኔ ሙሽራዋ አንገቷን ከድንኳኗ ብቅ አደረገች።

«አጎቴ፣ እማዬስ?»

«ከወንድምሽ ጋር ናት።»

እዚያው የቆመው ወንድሟ ዞረ። «ከእኔ ጋር? በሚኒባስ ትመጣለች ብዬ ወንበሯን ለሌላ ሰጠሁት።»

ጋሽ ስምሪት ክው አለ። እንዳትቀርበት ሲል እህቱን በሁለቱም ዝርዝር ጽፏት ነበር፤ ሚኒባሱም የወንድሟ የቤት መኪናም ሌላኛው ይዟታል ብለው ሄደዋል። ቢደውልላት ስልኳ ከሙሽራዋ ቦርሳ ውስጥ ጮኸ።

«ያለ እናቴ ከዚህ ድንኳን አልወጣም» አለች ልጅቷ።

ደግነቱ ሚኒባሶቹን አፍንጫቸውን ወደ መንገዱ አዙሮ አቁሟቸዋል። በአንዱ ብቻውን ከነፈ።

እህቱ ከተማ ውስጥ፣ መኪኖቹ የተነሡበት ቦታ አግዳሚ ላይ፣ አበባዋን ታቅፋ ተቀምጣለች።

«እጄን ባውለበልብ ሁሉም እያውለበለበልኝ አለፈ» አለችው።

በሩን ከፍቶ ቆመ፤ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው።

«የት ልቀመጥ፣ ወንድም ጋሼ? ዝርዝሩን እየው እስቲ።»

«ከጎኔ» አለ።