ሳይፈረምባት የቀረች ማክሰኞ

ክሊፍ ታስከር በእንግሊዟ የወደብ ከተማ በግሪምስቢ የዓሣ ገበያ ከማለዳ ጀምሮ በረዶ የሞላባቸውን ሣጥኖች ሲጎትት ይውላል። ከሰዓት በኋላ ልጁን ፈርንን ከትምህርት ቤት ሊወስድ ሲሄድ እጁ ገና አልሞቀም። ስለዚህ ብርዱ እንዳይሰማት አንዱን እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ በሌላው ቦርሳዋን ይይዝላታል።

የዚያን የካቲት ሰኞ ግን ቦርሳውን ከመስጠቷ በፊት ከመምህሯ የተላከ ፖስታ አወጣች።

«ከሚስ ኦልደን ነው። በእጁ ስጪው አለችኝ።»

«ምን አጠፋሽ ደግሞ?»

«ምንም! አንተ ነህ ያጠፋኸው። የሪፖርቱን ቁራጭ አልመለስክም።»

እውነቷን ነው። ባለፈው ሳምንት የመጣው ሪፖርት ከግርጌው ተቀድዶ የሚመለስ ቁራጭ ነበረው። ወላጅ የተሰማውን ጽፎ፣ ፈርሞ ይመልሳል። ክሊፍ ሪፖርቱን እንዳለ የወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ከቶት ነበር። ማንበብ አይችልምና። ጨርሶ አይችልም እንዳይባል ስሙን ይጽፋል፣ የሣጥን ቁጥርና የአውቶቡስ ቁጥር ያውቃል። ከዚያ ያለፈውን ግን ድሮ ሚስቱ ካረን ነበረች የምታነብለት። ካረን ከሄደች ሁለት ዓመት ሆናት። አሁን ነገሩን የምታውቅለት ጎረቤቱ ማቪስ ብቻ ናት፤ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በዚያው ትምህርት ቤት ለልጆች ምሳ ስታድል የኖረች ሴትዮ።

ፈርንን ማቪስ ሳሎን ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጦ ፖስታውን ይዞ ወጥ ቤት ገባ።

«መነጽሬን ረስቼ ነው» አለ።

«መነጽር ኖሮህ አያውቅም፤ አምጣው ባክህ» አለች ማቪስ። የራሷን መነጽር አፍንጫዋ ላይ ሰክታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበችለት።

«ውድ ሚስተር ታስከር፣ በሪፖርቱ ላይ ፈርን በንባብና በጽሑፍ ወደሚጠበቀው ደረጃ እየሠራች ነው ይላል። አባባሉ ወላጆችን ስለሚያደናግር ላስረዳዎት ብዬ ነው። ወደቀች ማለት አይደለም። በእሷ ዕድሜ ካለ ልጅ ከሚጠበቀው የተወሰነውን ትችላለች፤ ገና ያልደረሰችበት ግን አለ ማለት ነው። በሒሳብ የሚጠበቀው ደረጃ ላይ ናት።»

«በሒሳብማ ጎበዝ ናት» አለ ክሊፍ ፈጠን ብሎ።

«ቆይ፣ አላለቀም።» ማቪስ ወረቀቱን ገለበጠችው። «እኔን ያሳሰበኝ ግን ይህ ነው። የንባብ ደብተሯ እንደሚያሳየው ፈርን በየቀኑ ቤት ውስጥ ለእርስዎ ታነባለች። ይህን ያህል እየተለማመደች ቃላቱን መለየት ካቃታት ሌላ የሚያግዳት ነገር ይኖር ይሆናል። ስለዚህ የውጭ ባለሙያ እንዲያያት ብናመለክት ፈቃድዎ ያስፈልገናል። ነገ ልጆቹ ሲወጡ ብቅ ቢሉ ደስ ይለኛል።»

ማቪስ መነጽሯን አወለቀች።

«በየቀኑ ታነብልሃለች እንዴ?»

ክሊፍ ደብዳቤውን አጥፎ ፖስታው ውስጥ መለሰው።

በየቀኑ ከእራት በኋላ ፈርን አጠገቡ ተቀምጣ መጽሐፏን ትከፍታለች። እሱ ይሰማል። ስትጨርስ ካረን በድሮው ደብተር ላይ የጻፈችውን «ጥሩ አነበበች» የሚለውን ቃል ከመሳቢያ አውጥቶ፣ ሥዕል እንደሚገለብጥ ሰው እየተጠነቀቀ ይገለብጠዋል፤ ከሥሩ ይፈርማል። ሳምንቱን ሙሉ የተፈረመለት ልጅ ክፍል ውስጥ ኮከብ ይለጠፍለታል። ፈርን ኮከብ ጎድሏት አያውቅም።

አንድ ጊዜ፣ ከገና በዓል በፊት፣ ሰኞ ዕለት የመጽሐፉ ውሻ ጠፍቶ ነበር። ሐሙስ ያው መጽሐፍ ተከፍቶ ያው ውሻ ባሕር ሊዋኝ ሄደ። ክሊፍ ያኔ ገብቶታል። ልጅቷ ሥዕሉን እያየች ከራሷ ነው የምታወራው። ግን እንዴት አድርጎ ያርማት? ሳቀና ፈረመ።

«ክሊፍዬ» አለች ማቪስ፣ «ልጅቷ እኮ ምንም ላይሆናት ይችላል። የሚሰማትና የሚያርማት ሰው አጥታ ይሆናል። ነገ ሄደህ ለመምህሯ እውነቱን ንገራት። አልችልም በላት፣ አለቀ።»

«ለእርስዎ ቀላል ነው።»

«ምን፣ ትበላሃለች? ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። እዚያው ስትማር ምሳ የሰጠኋት ልጅ ናት።»

ማክሰኞ ክሊፍ ሥራ ቦታ እጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥቦ ሄደ። የዓሣው ሽታ ግን አለቀቀውም። ፈርን ከልጆች ጋር ግቢው ውስጥ ቀረች። ሚስ ኦልደን አንዲት የልጆች ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደረሰ።

«ስለመጡ አመሰግናለሁ፣ ሚስተር ታስከር። ደብዳቤው አላስደነገጥዎትም አይደል?»

«የለም፣ የለም። ግልጽ ነው።»

ደብተሩን ገለጠችው። ገጽ በገጽ ያው ቃል፣ ያው ፊርማ። «ከክፍሉ ሁሉ እንደ እርስዎ የሚፈርም ወላጅ የለኝም» አለች። «ለዚህ ነው እርስዎን መጠየቅ የፈለግሁት። ለእርስዎ ስታነብ የት ላይ ነው የምትደናቀፈው? የማታውቀው ቃል ሲገጥማት ምን ታደርጋለች?»

ክሊፍ አልችልም የሚለውን ቃል ከቤት እስከዚያ ድረስ ይዞት ነው የመጣው። አፉ ድረስ ደረሰ። መምህሯ ፈገግ ብላ ትጠብቃለች። ፊቷ ላይ ክፋት የለም፤ እሱ ደግሞ ቢኖር ይሻለው ነበር። በመስኮቱ ፈርን ታየችው፤ ከጓደኛዋ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ትሽከረከራለች። በሩ ላይ ሌላ እናት ተራዋን ትጠብቃለች፤ ጆሮዋ ወደ ውስጥ ነው።

«ቤት... ቤት ጥሩ ነው የምታነበው» አለ።

ሚስ ኦልደን ጥቂት አየችውና ቅጹን ወደ እሱ ገፋች። «እንግዲያው ባለሙያው ቢያያት ይሻላል። ተራው ረጅም ነው፤ እስከ መኸር ሊቆይ ይችላል። እስከዚያ ከክፍል እያወጣን በትንሽ ቡድን እናግዛታለን። አንብበውት ከተስማሙ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

ክሊፍ ዓይኑን በወረቀቱ ላይ ከላይ እስከ ታች አወረደ። የሚበቃ የመሰለውን ያህል ቆየ። ፈረመ።

በመንገድ ላይ ፈርን፣ «ምን አለችህ?» አለችው።

«ጎበዝ ናት አለች። በሒሳብ።»

«በንባብስ?»

«ትረዳሻለች።»

ማታ ባቄላ በተጠበሰ ዳቦ በሉ። ሳህኖቹን አነሣ። ፈርን መጽሐፏን ከፍታ ጀመረች፤ አንዲት ቀበሮ ነበረች፣ ልደቷ ነበር፣ ኬክ ጋገረች።

«ቆይ እስቲ» አለ ክሊፍ። «ቀበሮ የሚለው የቱ ጋ ነው? በጣትሽ አሳዪኝ።»

ጣቷ ፊደሎቹ ላይ ተንቀዋለለና ሥዕሉ ላይ ሄዶ ቆመ።

«ሥዕሏን አይደለም። ቃሉን።»

«አንተ አሳየኝ» አለች ፈርን።

ክሊፍ ገጹን አየው። ለረጅም ጊዜ አየው። ፈርንም እሱን ታየዋለች፤ መጀመሪያ እየሳቀች፣ ኋላ ሳትስቅ። ዓይኗን ወደ ገጹ መለሰች። መጽሐፉን ዘጋችና ደብተሩን ከነእስክሪብቶው ገፋችለት።

«ፈርም።»

የካረን ቃል ያለበት የድሮው ደብተር ጠረጴዛው ላይ ነበር። ክሊፍ እስክሪብቶውን አነሣ። ማክሰኞ የምትለውን መስመር ያውቃታል፤ ከላይ ሁለተኛዋ ናት። እስክሪብቶውን መልሶ አስቀመጠው።

«ዛሬ አልፈርምም።»

«ለምን? አነበብኩ እኮ!»

«አላነበብሽም፣ የኔ ልጅ። እኔም አልሰማሁም።»

«ኮከቤስ? የሁሉም ተለጥፎ የኔ ብቻ ሊቀር ነው!»

ፈርን ደብተሩን ነጥቃ ቦርሳዋ ውስጥ ወረወረችውና እያለቀሰች ደረጃውን ወጣች። በሩ ሲዘጋ ከታች ተሰማው።

ክሊፍ ወጥ ቤት ተቀምጦ ቀረ። ነገ ጠዋት ሚስ ኦልደን ደብተሩን ስትከፍት ከዓመቱ ሁሉ ባዶ የሆነችውን አንዲት መስመር ታያለች። ለምን ብላ ትጠይቀው ይሆናል። ወይም አንድ ቀን ቢረሳ ምን አለበት ብላ ታልፋት ይሆናል። ደረጃው ሥር ሄዶ ስሟን ጠራ።