ኮረም ላይ የቆመው አውቶቡስ

ገብረ አማኑኤል ከትውልድ አገሩ ከፃግብጂ ሰቆጣ የገባው የእርዳታ እህል ለማራገፍ ነበር። ጆንያ ተሸካሚ ሆኖ ጥቂት ከሠራ በኋላ እንግዳው የሚባል የደሴ ሾፌር ረዳት አድርጎ ያዘው። ከኮምቦልቻ መጋዘን ስንዴ ጭነው ሰቆጣ ያራግፋሉ፤ ባዷቸውን ይመለሳሉ፤ እንደገና ይጭናሉ። እንግዳው ጥሩ ሾፌር ነበር። ይህን የሚናገሩት ስለሞተ ብቻ አይደለም፤ በሕይወት እያለም ይሉት ነበር።

በ1987 ዓ.ም. እህሉ ቶሎ ቶሎ ይፈለግ ስለነበር ሾፌሮች የሚተኙት ጭነት እስኪወርድላቸው ብቻ ነበር። ጭነት የሚያወርደው ሰው ከበረታ የሾፌሩ እንቅልፍ ያጥራል። እንግዳው በዚያ ሰሞን ጫት ይቅማል፣ ሲጋራ ያጨሳል፣ ፊቱን በጀሪካን ውሃ ይታጠባል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከኮረም ወደ ሰቆጣ ሲሄዱ ሁለቱ ስለ ቤት ያወሩ ነበር። እንግዳው ደሴ ላይ ቤት ጀምሯል።

«ጣሪያውን በቆርቆሮ ልታለብሰው ነው?» አለው ገብረ አማኑኤል።

«አዎ።»

«በሣር ቢሆንስ አይሻልም? ይቀዘቅዛል።»

«አዎ።»

ገብረ አማኑኤል ቀና ብሎ አየው። የእንግዳው ዓይን ክፍት ነው፤ እጁ መሪው ላይ ነው፤ እግሩ ነዳጁ ላይ ነው። «ታዲያ በየትኛው ነው የምትሠራው?» ሲለው አሁንም «አዎ» አለ። መንገዱ ወደ ግራ ዞረ። መኪናው አልዞረም።

ገብረ አማኑኤል ዳሌው ተሰብሮ ተረፈ። እንግዳው አልተረፈም። ሆስፒታል ድረስ የመጣው ትራፊክ ፖሊስ «በፍጥነት ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀው።

«ፍጥነት አልነበረውም። ተኝቶ ነበር።»

«አሁን ዓይኑ ክፍት ነበር ብለኸኝ አልነበር?»

«ክፍት ነበር። ተኝቶም ነበር።»

ፖሊሱ ልጁ ራሱን ስቶ የነበረ መስሎት፣ ይማርህ ብሎት ሄደ።

ዳሌው ሲድን ገብረ አማኑኤል ያነክስ ጀመር። ሾፌር የመሆን ሐሳቡን ግን አልተወም። ቤተሰቡ ይህን ሰምተው አለቀሱ፤ እሱ መንጃ ፈቃዱን አወጣ። ከትንሽ ወደ ትልቅ እያለ አምስተኛ ደረጃ ደረሰና ከአዲስ አበባ ሰቆጣ በሚመላለስ አውቶቡስ ላይ ተቀጠረ።

አውቶቡሱ የሚሠራበት ማኅበር በዓመት አንዴ ሾፌሮቹን ሰብስቦ ያስተምራል። አራት ሰዓት ያህል በተከታታይ የነዳ ሰው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይረፍ፤ እንቅልፍ ያልተኛ ሰው መሪ አይያዝ፤ ሕዝብ የጫነ አውቶቡስ ሳይመሽ ከተማ ገብቶ ይደር፤ ይባላል። ሾፌሮቹ ያጨበጭባሉ፤ ለስላሳ ይጠጣሉ፤ ይበተናሉ። ገብረ አማኑኤል ግን የተባለውን አደረገ። ይህ በሥራ ባልደረቦቹ ዘንድ እንደ ሕመም ታየ።

ሰዓቱ ሲደርስ ከተማም ይሁን ገጠር አውቶቡሱን ጥጉን አስይዞ ያቆማል። ለሻይ አይደለም። ወርዶ ጥላ ፈልጎ ጋቢውን ተከናንቦ ይጋደማል። ተሳፋሪው መጀመሪያ ጎማ የፈነዳ ይመስለዋል፤ ከዚያ ሾፌሩ የታመመ ይመስለዋል፤ ሁለቱም አለመሆኑን ሲያውቅ ይቆጣል። ስሙንም «ሸለብታ» አሉት። ሰቆጣ ላይ «በማን አውቶቡስ መጣችሁ?» ሲባል «በሸለብታ» ብሎ የሚመልስ ሰው ዘግይቶ መድረሱን ማስረዳት አያስፈልገውም ነበር።

አንድ ሌላ ልማድም ነበረው። እየነዳ ያለፈውን ነገር ራሱን ይጠይቃል። ያለፍነው ድልድይ ላይ ምን አየሁ? የመጨረሻው መንደር ላይ ማን ቆሞ ነበር? መልሱ ከመጣለት ይቀጥላል።

በ1994 ዓ.ም. ከክረምቱ በፊት አውቶቡሱን ለቀስተኞች ኮንትራት ያዙት። ትእዛዙ የሚባል የፃግብጂ ልጅ አዲስ አበባ በግንበኝነት ሲሠራ ታሞ ሞቶ፣ ዘመዶቹ አስከሬኑን ይዘው ወደ አገር መመለሳቸው ነው። አባቱ አቶ ይግዛው ልጃቸውን ለማስታመም ሄደው ነበር፤ በሳጥን ይዘውት ተመለሱ። ሳጥኑ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ባለው የዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ፣ በሸራ ተሸፍኖ ታሰረ። ቀብሩ በሦስተኛው ቀን ጠዋት እንዲሆን አገር ቤት መልእክት ሄዷል።

የመጀመሪያውን ቀን ደሴ አደሩ። ለቀስተኞቹ አደሩ ማለት ይሻላል፤ ገብረ አማኑኤል አላደረም። የኋላ ጎማውን የሚሸከመው ባሌስትራ ተሰብሮ ኖሮ ሌሊቱን ሙሉ ከመካኒክ ጋር መኪናው ሥር ሆኖ አነጋ። ጠዋት ለአውቶቡሱ ባለቤት ስልክ ደውሎ «አልተኛሁም፤ ሌላ ሾፌር ላክልኝ» አለው።

ባለቤቱም «ሬሳ ይዘህ ሌላ ሾፌር? ቀስ ብለህ ንዳ» ብሎ ዘጋው።

ቀስ ብሎ ነዳ። ወልድያ ላይ አረፈ፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደውም፤ ለቀስተኞቹ ያለቅሱ ነበር። ቆቦን አለፉ፤ አላማጣን አለፉ፤ የግራ ካሱን ዳገት ወጡ። ኮረም ሲገቡ እንደ ልማዱ ራሱን ጠየቀ፤ ዳገቱ ላይ ምን አየሁ?

ምንም አልመጣለትም።

ዳር ይዞ አቆመና ሞተሩን አጠፋ። ወደ አቶ ይግዛው ዞሮ በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣንጋ «አባቴ፣ እዚህ እናድራለን» አላቸው።

አቶ ይግዛው ያልሰሙ መሰሉ። የሰማው ወንድማቸው ወንዳወቅ ነው። አዲስ አበባ የመሥሪያ ቤት መኪና የሚነዳ፣ ቁጣው የሚቀድመው ሰው ነበር። «ምን አልክ? ገና ፀሐይ ናት!»

«ፀሐይ ናት። ግን እኔ መተኛት አለብኝ። ተኝቼ ስነሳ ይመሻል። ከመሸ ሕዝብ ጭኜ አልሄድም።»

«የኮረም ቡና ጠጣና ቀጥል።»

«ቡና ወልድያም ጠጥቻለሁ።»

«እንግዲያው እኔ እነዳዋለሁ፤ ቁልፉን አምጣ።»

«መንጃ ፈቃድህ ስንተኛ ነው?»

«ሦስተኛ።»

«በሦስተኛ አውቶቡስ አይነዳም» አለና ገብረ አማኑኤል ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ሴቶቹ እሪ አሉ። አንዳንዱ ረገመው፤ አንዳንዱ እግሩ ላይ ወደቀ። ወንዳወቅ ሮጦ ከተማው መግቢያ ካለው ኬላ ትራፊክ ፖሊስ ይዞ መጣ። ፖሊሱ ሳጥኑን ቀና ብሎ አየ፤ ቆቡን አወለቀ፤ ነገሩን ሰማ። ከዚያ ገብረ አማኑኤልን ወደ ጎን ወስዶ በለሆሳስ «ወንድሜ፣ የሐዘን ነገር ነው። ቢመሽባችሁም እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አሳልፋችኋለሁ» አለው።

«አንተ ብትጨፍን ችግር የለውም፤ ቆመህ ነው» አለ ገብረ አማኑኤል። «የኔ ዓይን ሳልነግረው ነው የሚጨፍነው።»

ፖሊሱ አፈጠጠበት። ገብረ አማኑኤል ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሁሉም ተናገረ፦ «ግራ ካሱን አሁን ወጣን አይደል? ያን ሁሉ ጠመዝማዛ እኔ ነበርኩ የነዳሁት። አንዱንም ኩርባ አላስታውስም። ማን እንደነዳው አላውቅም።»

የሚያለቅሱት ሴቶች ሳይቀሩ አቆሙ። በመስኮት በኩል የተቀመጡት ሰዎች ወደመጡበት ገደል አቅጣጫ ዞረው አዩ። መጀመሪያ ገብቶ ጓዙን ይዞ የወረደው ወንዳወቅ ነበር።

አቶ ይግዛው ብቻ ከመቀመጫቸው አልተነሱም። «ልጄ ሁለት ሌሊት መንገድ ላይ ሊያድር?» አሉ።

«አዎ፣ አባቴ።»

«እናቱ በር ላይ ቆማ ነው ያለችው።»

ገብረ አማኑኤል በሩን ያዘላቸው። ሽማግሌው መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ወረዱና በአጠገቡ አለፉ።

አስከሬኑን ቤተ ክርስቲያን አሳደሩት። የኮረም ሰው የማያውቀውን ልጅ አለቀሰለት፤ ለለቀስተኞቹም ቆሎና ጠላ አመጡ። ገብረ አማኑኤል ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤርጎ ገብቶ ተኛ፤ ጫማውን እንኳን አላወለቀም። ጠዋት ፊቱን ታጥቦ ሲወጣ ማንም ደህና አደርክ አላለውም። ሰቆጣ እስኪገቡ በየኩርባው ግን ሁሉም አንገታቸውን አስግገው መንገዱን ያዩ ነበር፤ አርባ ሰው አብሮ የሚነዳ ይመስል።

ትእዛዙ በዚያው ቀን ከሰዓት ተቀበረ። ሲጠብቅ ያደረው ቀባሪ ግማሹ ወደየቤቱ ተመልሶ ነበር። ገብረ አማኑኤልም በሳምንቱ ከሥራ ተባረረ። የአውቶቡሱ ባለቤት ምክንያቱን ሲነግረው «ደንበኛ ታስቀይማለህ» አለው፤ ይህም እውነት ነበር።

በአርባው ዋዜማ አቶ ይግዛው ሰቆጣ ድረስ በእግራቸው መጥተው ቤቱን አጠያይቀው ገቡ። ሚስቱ ጥሩሐረግ ለሽማግሌው መቀመጫ አቀረበች። ገብረ አማኑኤል ከመሬት ተነስቶ ቆመ።

«ይቅርታ እንድትጠይቀኝ አልመጣሁም» አሉ። «አሁንም አዝኜብሃለሁ።»

«ልክ ነዎት፣ አባቴ።»

«እናቱም አዝናብሃለች። ወንዳወቅማ ስምህን ሲሰማ ይነደዋል።» ቀጥለውም «ግን ሁላችንም ደህና ነን» አሉ። «ተዝካሩን ቅመስ ልልህ ነው የመጣሁት። ነገ ድንኳን ውስጥ ተቀመጥ፤ ሰው ቢያይህም ይይህ።»

ሄዶ ተቀመጠ። ያናገረው ሰው ጥቂት ነበር። አቶ ይግዛው ግን ምግቡ ሲቀርብ ከአጠገባቸው አስቀመጡት፤ ሰውም ያን አየ።

ከዚያ በኋላ እህል የሚያጓጉዝ የጭነት መኪና ላይ ጥቂት ዓመታት ሠራ። ዳሌው ሲብስበት መንዳቱን ተወና በሰቆጣ መናኸሪያ የስምሪት ሠራተኛ ሆነ። የሚወጣውን አውቶቡስ ሁሉ ሾፌሩን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ አይለቅም፦ «ማታ ተኝተሃል?»

ሾፌር ሁሉ ተኝቻለሁ ይላል። ስለዚህ ገብረ አማኑኤል እያነከሰ ወደ አውቶቡሱ ሄዶ የሞተሩን ክዳን በመዳፉ ይነካል። በ2000 ዓ.ም. ከፋሲካ ዋዜማ ቀደም ብሎ አንድ ሾፌር ጠዋት ተሳፋሪ ሞልቶ ሞተሩን ገና ሳያስነሳ ለመውጣት ሲጠብቅ፣ ገብረ አማኑኤል መዳፉን ክዳኑ ላይ አስቀምጦ ወዲያው አነሳው። ትኩስ ነው።

«ማታ የት አደርክ?»

«እዚሁ፤ ቤርጎ። ጥግብ ብዬ ነው የተኛሁት።»

«አውቶቡሱስ?»

«እዚሁ ግቢ።»

«አንተ ተኝተህ እሱ ብቻውን ኮረም ደርሶ ተመልሷላ» አለ ገብረ አማኑኤል። ፈገግ አላለም። «ገብተህ ተኛ። ተሳፋሪውን በሌላ እልካለሁ።»

ሾፌሩ ተሳደበ፤ በባለቤቱ አስፈራራ፤ በበዓሉ ለመነው። ተሳፋሪውም ጮኸ፤ የበግ ገመድ የያዙ ሰዎች በጉን እየጎተቱ ወረዱ። ሌላ መኪና እስኪገኝ ፀሐይ ከፍ አለች። ሾፌሩ እየተራገመ ከኋላው ወንበር ላይ ተጋደመ። ገብረ አማኑኤል በሩን ሊዘጋለት ሲመለስ እያንኮራፋ ነበር።